ለጀርመን ፕሮፌሰር የሚጻፍ የመጀመሪያ ኢሜይል፦ ሰላምታው እንዴት ይመረጣል?

በጀርመን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርቱን ለመከታተል የሚያስብ ተማሪ፣ ብዙውን ጊዜ ከማመልከቻው በፊት ጥናቱን ለማማከር ፈቃደኛ የሚሆን ፕሮፌሰር ራሱ ፈልጎ ማግኘት ይኖርበታል። ዳድ በሚል አጠራር የምናውቀው የጀርመን የአካዳሚ ልውውጥ አገልግሎት እንኳ በአንድ ፕሮፌሰር ሥር ለሚሠራ የዶክትሬት ጥናት ድጋፍ ሲሰጥ፣ አማካሪው ተማሪውን ለመቀበል መስማማታቸውን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ይጠይቃል። ስለዚህ ለማያውቁን ሰው፣ ለማናውቀው ወግ የሚገዛ ኢሜይል መጻፍ ግድ ይሆናል። ይህ መመሪያ ስለ ጥናቱ ሐሳብም ሆነ ስለ ማስረጃዎቹ አያወሳም፤ የሚመለከተው ሰላምታውን፣ ማለትም የመጀመሪያዋን መስመርና ከእርሷ ጋር የግድ መስማማት ያለባቸውን ጥቂት ነገሮች ብቻ ነው።

አሠራሩን ለማሳየት አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። በባሕር ዳር በውኃ ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪዋን የያዘች ሕይወት ተስፋዬ የተባለች ተማሪ፣ ስለ ደለል የሚያጠኑ አንዲት ፕሮፌሰር አገኘች እንበል። ተማሪዋም ፕሮፌሰሯም ለማሳያ የተፈጠሩ ናቸው። በዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ የፕሮፌሰሯ ስም እንዲህ ተጽፏል፦

```
Univ.-Prof. Dr.-Ing. Katrin Müller-Weber
```

ሕይወት ከዚህ መስመር ተነሥታ አራት ነገሮችን በቅደም ተከተል መወሰን አለባት፦ በየትኛው ቋንቋ እንደምትጽፍ፣ የትኛውን ማዕረግ እንደምትይዝ፣ የትኛውን ስም እንደምትጠራ፣ እንዲሁም ሰላምታውን በምን ያህል ክብር እንደምትከፍት።

1. አስቀድመው ቋንቋውን ይወስኑ

ሰላምታው ከኢሜይሉ ቋንቋ ተለይቶ አይመረጥም። በጀርመንኛ ሰላምታ ሰጥቶ ቀሪውን በእንግሊዝኛ መጻፍ ለፕሮፌሰሯ አክብሮት ለማሳየት የታሰበ ቢሆንም፣ ውጤቱ ግን አሻሚ ነው፤ መልሱ በጀርመንኛ ሊመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ጸሐፊው ተርጓሚ ፍለጋ ይሄዳል። መለኪያው ቀላል ነው፦ የሚመጣውን መልስ ያለ ሰው እርዳታ አንብበው በጀርመንኛ ሊመልሱ የሚችሉ ከሆነ በጀርመንኛ ይጻፉ፤ ካልሆነ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእንግሊዝኛ ይጻፉ። በምህንድስናና በተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ እንግሊዝኛ የዕለት ተዕለት የሥራ ቋንቋ ስለ ሆነ ማንም ቅር አይሰኝበትም። በሕግ፣ በታሪክ ወይም በጀርመን ሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ለሚያመለክት ሰው ግን ጥናቱ ራሱ ጀርመንኛን ሊጠይቅ ስለሚችል፣ በጀርመንኛ መጻፉ የብቃቱ አንድ ማሳያ ይሆንለታል።

እንግሊዝኛን መምረጥ ሥራውን በእጅጉ ያቀልላል። ጀርመንኛ እንደ አማርኛችን «አንተ» እና «እርስዎ» የሚለይ ቋንቋ ሲሆን፣ የአክብሮቱ ተውላጠ ስም «ዚ»፣ የቅርበቱ ደግሞ «ዱ» ይባላል። እንግሊዝኛ ይህ ልዩነት በተውላጠ ስሙ ላይ ስለማይታይበት፣ መከበሩ የሚታወቀው በሰላምታውና በስም አጠራሩ ብቻ ነው። በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ለእነዚህ ሁለቱ የበለጠ መጠንቀቅ ያለበትም በዚሁ ምክንያት ነው።

2. ከማዕረጎቹ ከፍተኛውን አንዱን ይውሰዱ

የጀርመን ምሁራን ማዕረጋቸውን በተርታ ስለሚደረድሩ ጀማሪ ጸሐፊ ሁሉንም ገልብጦ ሰላምታው ላይ ማስፈር ይቀናዋል። በገጹና በደብዳቤው አድራሻ ላይ ሁሉም ይሰፍራሉ፤ በሰላምታው ላይ ግን የሚጠራው ከሁሉም የላቀው አንዱ ብቻ ነው። በምሳሌያችን የመጀመሪያው ምህጻር በዩኒቨርሲቲ የፕሮፌሰርነት ወንበር መያዛቸውን፣ ሁለተኛው በምህንድስና ዶክትሬት እንዳላቸው ይናገራል። ፕሮፌሰርነቱ ዶክትሬቱን ስለሚበልጥ ዶክትሬቱ በሰላምታው ላይ ይቀራል። «ፕሮፌሰር» የሚለውንም ቃል ሳያሳጥሩ በሙሉ መጻፍ የተሻለ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት የሚያደናግሩ ነገሮች አሉ። `Jun.-Prof.` የሚል ምህጻር በቅርቡ የተሾመ ጁኒየር ፕሮፌሰርን ያመለክታል፤ ሰላምታው ላይ «ጁኒየር» የሚለው ተትቶ በፕሮፌሰርነት ይጠራል። `PD Dr.` የሚለው ግን በዩኒቨርሲቲ ለማስተማር የሚያበቃውን ከፍተኛ መመዘኛ ያሟላ፣ ነገር ግን ፕሮፌሰር ያልተባለ ምሁር ነው፤ እርሱን በዶክተርነት መጥራት ትክክል ነው። ማዕረግ ከሚገባው በላይ ከፍ አድርጎ መጥራት እኛ ዘንድ እንደ ምርቃት ሊቆጠር ይችላል፤ በጀርመን ግን ጸሐፊው ገጹን እንዳላነበበ ይመሰክርበታል።

አንዳንድ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ሲጽፉ ፕሮፌሰርና ዶክተር የሚሉትን ምህጻሮች አከታትለው ያስቀምጣሉ። ይህ የጀርመኖቹ የራሳቸው ልማድ ወደ እንግሊዝኛው የገባበት አጻጻፍ ስለ ሆነ ጀርመን ውስጥ አያስቀይምም፤ ሆኖም አያስፈልግም። የሚያስቀይመው ፕሮፌሰሯን `Mrs.` ወይም `Miss` ብሎ መጥራት ነው፤ ማዕረጉን ነፍጎ በምትኩ የጋብቻ ሁኔታን ስለሚያነሣ ነው።

3. የቤተሰብ ስሙን ይለዩ

ከእኛ አገር የሚጻፉ ኢሜይሎች በብዛት የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የእኛ ትክክለኛ ልማድ የእነርሱ ስሕተት ስለሚሆን ነው። እኛ «ዶክተር አልማዝ» ስንል ሙሉ አክብሮት ሰጥተናል፤ በአባታቸው ስም ብቻ ብንጠራቸው አባታቸውን የጠራን ይመስላል። በጀርመን ግን ማዕረግ የሚያያዘው ከቤተሰብ ስም ጋር ብቻ ነው፤ የራስ ስም የሚጠራው የቅርበት ፈቃድ ሲኖር ነው። ስለዚህ `Dear Professor Katrin` የሚለው ሰላምታ በአንድ መስመር ላይ ሁለት የማይስማሙ ነገሮችን ይይዛል፤ ማዕረጉ ያርቃል፣ ስሙ ያቀርባል። ተቀባዩ እንደ ድፍረት ባያየው እንኳ ጸሐፊው የአገሩን ወግ እንዳላጣራ ይረዳል።

የቤተሰብ ስም አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻ ይገኛል። በስም ዝርዝር ላይ ግን ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥ ይችላል፤ ከመጀመሪያው ስም በኋላ ኮማ ካለ ከኮማው በፊት ያለው የቤተሰብ ስም ነው። በጭረት የተያያዘ ስም እንደ አንድ ስም ይቆጠራልና ግማሹን መጣል አይቻልም፤ የምሳሌያችን ፕሮፌሰር ሙለር ብቻ ወይም ቬበር ብቻ አይባሉም። ከስም በፊት `von` ካለ እርሱም የስሙ አካል ነው። ስማቸው ከጀርመን ውጭ የሆነና የትኛው የቤተሰብ ስም እንደ ሆነ ያልታወቀ እንደ ሆነ፣ ካሳተሟቸው ጽሑፎች አንዱን ከፍተው ሌሎች ተመራማሪዎች በየትኛው ስም እንደሚጠቅሷቸው ይመልከቱ።

የፊደሉ ነገርም ችላ አይባልም። ኮምፒውተርዎ ነጥብ ያላቸውን የጀርመን ፊደላት የማይጽፍ ከሆነ `Müller` የሚለውን `Mueller` ብለው ይጻፉ፤ ጀርመኖቹ ራሳቸው በኢሜይል አድራሻቸው ላይ የሚጠቀሙበት መንገድ ነው። ነጥቦቹን ጥሎ `Muller` ማለት ግን ስሙን ሌላ ስም ማድረግ ነው። በተመሳሳይ መንገድ `ß` በ`ss` ይተካል እንጂ በ`B` አይተካም። ስሙን ከገጹ ላይ ገልብጠው የሚለጥፉ ከሆነ በ`Ctrl+Shift+V` ይለጥፉት። በተለመደው መንገድ የተለጠፈ ስም ከገጹ የፊደል ቅርጽና መጠን ጋር ስለሚመጣ ከቀሪው ጽሑፍ ተለይቶ ይታያል፤ አንድ ኢሜይል ለብዙ ፕሮፌሰሮች ስም እየተለወጠ እንደ ተላከ የሚያሳብቀውም ይህ ነው። ጸሐፊው ራሱ ልዩነቱን ላያስተውለው ይችላል፤ አስቀድሞ ወደ ራስ አድራሻ ልኮ በስልክ ማየቱ ይህን ያጋልጠዋል።

ፕሮፌሰሩ በጀርመን የሚያስተምሩ ኢትዮጵያዊ ቢሆኑስ? በአማርኛ የሚጻፍ ከሆነ ማዕረጉን ከራሳቸው ስም ጋር አያይዞ በ«እርስዎ» መጻፍ ነው፤ ከዚህ ሌላ ጥያቄ የለውም። ሆኖም የመጀመሪያው ኢሜይል ለጸሐፊያቸው ወይም ለሌላ ባልደረባ ሊተላለፍ ስለሚችል፣ የመሥሪያ ቤቱን ቋንቋ መጠቀሙን እመርጣለሁ። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ደግሞ የምርምር ቡድናቸው ገጽ እርሳቸውን በየትኛው ስም እንደሚጠራ ማየትና እርሱን መከተል ነው።

4. ጀርመንኛ ከሆነ ጾታውን ያረጋግጡ

የጀርመንኛው መደበኛ ሰላምታ እንደ ተቀባዩ ጾታ መድረሻውን ይለውጣል፦

```
Sehr geehrte Frau Professorin Müller-Weber,
Sehr geehrter Herr Professor Weber,
```

በሴቷ ላይ የመጀመሪያው መስመር ሁለተኛ ቃል በ`e`፣ በወንዱ ላይ በ`er` ያበቃል። የተደበላለቀ ሰላምታ፣ ለምሳሌ የወንዱን መድረሻ ይዞ `Frau` የሚል፣ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። በስሙ ብቻ መገመት አያስተማምንም፤ አንድሬያ በጀርመን የሴት፣ በጣሊያን የወንድ ስም ነው፤ ኪም እና ሳሻ ደግሞ ለሁለቱም ይሆናሉ። ፎቶግራፉን ከማየት ይልቅ የገጹን ጽሑፍ ማንበብ ይሻላል፦ `Professorin` የሚል ቃል ወይም በአድራሻው ላይ `Frau` የሚል ካለ ነገሩ ያለቀለት ነው። ምንም ካልተገኘ ጾታን የማይጠይቅ ሰላምታ አለ፤ ሙሉ ስሙን ይዞ እንዲህ ይጻፋል፦

```
Guten Tag Prof. Dr. Sascha Weber,
```

በእንግሊዝኛ ይህ ሁሉ ችግር የለም፤ «ፕሮፌሰር» የሚለው ቃል ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። ሕይወት ጀርመንኛዋ ገና ጀማሪ ስለ ሆነ እንግሊዝኛን ትመርጣለች፤ ሰላምታዋም ይህ ይሆናል፦

```
Dear Professor Müller-Weber,
```

5. የአክብሮቱን ደረጃ ከላይ ይጀምሩ

በጀርመንኛ ሦስት ደረጃዎች አሉ ማለት ይቻላል። ከላይ ያየነው `Sehr geehrte` ለማያውቁት ባለማዕረግ የሚጻፈው መደበኛ ሰላምታ ነው። `Guten Tag` ከማዕረግና ከቤተሰብ ስም ጋር ሲጻፍ መካከለኛ ነው፤ ጨዋ ነው፣ ነገር ግን ቀለል ያለ ነው። `Liebe` ወይም `Lieber` እና `Hallo` ደግሞ ትውውቅ ላላቸው ሰዎች ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጻፍ ኢሜይል የላይኛውን መምረጥ ምንም አያስከፍልም፤ ፕሮፌሰሯ ቀለል ያሉ ሰው ቢሆኑ እንኳ ከልክ በላይ ስለ ተከበሩ አይቀየሙም። ከታች ጀምሮ ወደ ላይ መውጣት ግን አስቸጋሪ ነው፤ ቀድሞ በ`Hallo` የጻፈ ሰው በሁለተኛው ኢሜይል መደበኛውን ቢጠቀም የተቆጣ ይመስላል።

አንዳንድ የምርምር ቡድኖች በገጻቸው ላይ በራሳቸው ስም፣ በፈገግታ ፎቶግራፍና በቅርበት ቃና ራሳቸውን ያስተዋውቃሉ። ይህ ቃና ለእርስዎ የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። የሥራ ማስታወቂያው ራሱ አመልካቹን በ«ዱ» እያነጋገረ ከጠራ ብቻ በዚያው መመለስ ተገቢ ነው።

በእንግሊዝኛ `Dear` ለሚለው ቃል አማራጭ መፈለግ አያስፈልግም። `Respected Sir` እና `Esteemed Professor` ከፍ ያለ አክብሮት የያዙ ቢመስሉም፣ በአውሮፓ የደብዳቤ ልማድ እንግዳ ናቸው፤ የመጀመሪያው ለሴት ፕሮፌሰር ሲላክ ደግሞ ጨርሶ ስሕተት ይሆናል። `Dear Sir/Madam` እና ስም የሌለው `Dear Professor` ኢሜይሉ ለብዙዎች የተበተነ ያስመስሉታል። «እንደምን አደሩ» የሚል የሰዓት ሰላምታም ቢቀር ይሻላል፤ አዲስ አበባ ከጀርመን በክረምታቸው በሁለት፣ በበጋቸው በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ ተቀባዩም ኢሜይሉን መቼ እንደሚከፍቱ አይታወቅም።

6. ከሰላምታው ቀጥሎ ያለውን ያስማሙ

እኛ ደብዳቤ ስንጽፍ ጤና ሳንጠይቅ ወደ ጉዳይ መግባት ይከብደናል፤ ስለ ቤተሰብና ስለ ሥራ ጠይቀን፣ ስለ ራሳችንም «እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን» ብለን ነው ወደ ነገሩ የምንገባው። ይህ ወግ በጀርመን ለማያውቁት ሰው ሲጻፍ አይሠራም። አንባቢዋ ብዙ ኢሜይሎች የሚደርሷቸው ሰው ስለ ሆኑ፣ ሁለተኛው መስመር ጉዳዩን ካልነገራቸው ጊዜያቸውን የወሰደ ይመስላቸዋል። በእንግሊዝኛ «ደኅና እንደ ሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ» የሚል አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ቢኖር አይጎዳም፤ በጀርመንኛ ግን ከእነአካቴው ይተውት።

በጀርመንኛ የሚጻፍ ከሆነ ሌሎች ሁለት ትንንሽ ሕጎች አሉ። ከሰላምታው በኋላ ኮማ ስለሚገባ ቀጣዩ መስመር በትንሽ ፊደል ይጀምራል፤ እንዲሁም የአክብሮቱ «ዚ» እና ዝርያዎቹ ሁሉ በየትኛውም ቦታ በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ። `Sie` የሚለው በትንሽ ፊደል ከተጻፈ «እርሷ» ወይም «እነርሱ» ማለት ስለሚሆን ስሕተቱ የፊደል ብቻ አይደለም። ሕይወት ጀርመንኛ የምትችል ቢሆን ኖሮ ኢሜይሏ እንዲህ ተከፍቶ እንዲህ ይዘጋ ነበር፦

```
Sehr geehrte Frau Professorin Müller-Weber,

ich schreibe Ihnen, weil ich eine Betreuung
für meine Promotion suche.

Mit freundlichen Grüßen
Hiwot Tesfaye (Frau)
```

ከመዝጊያው ሐረግ በኋላ በጀርመንኛ ኮማ አይገባም። መዝጊያው ከመክፈቻው ጋር እኩል ደረጃ መያዝ አለበት፤ በ`Sehr geehrte` ተከፍቶ `LG` በሚል የወዳጅነት ምህጻር የሚዘጋ ኢሜይል ሁለት ሰዎች የጻፉት ይመስላል። በእንግሊዝኛ `Kind regards,` ወይም `Best regards,` በቂ ነው።

በፊርማው ላይ በቅንፍ የገባችውን ቃል ልብ ይበሉ። ጀርመናዊት ፕሮፌሰር «ሕይወት» የሴት ይሁን የወንድ ስም ሊያውቁ አይችሉም፤ መልሳቸውን ሲጽፉ እኛ በደረጃ 4 ያየነው ችግር ይገጥማቸዋል። በእንግሊዝኛ ኢሜይል `(Ms)` ወይም `(Mr)` ብሎ ማስገባት ያንን ያስቀርላቸዋል። መልሱ «ወይዘሮ ተስፋዬ» የሚል ትርጉም ባለው `Frau Tesfaye` ቢጀምር በአባት ስም ተጠራሁ ብሎ መደናገጥ አይገባም፤ በእነርሱ ልማድ ያ ሙሉ አክብሮት ነው። የራሷ ስም የትኛው እንደ ሆነ ማስረዳቱ ለመጀመሪያው ኢሜይል የሚሆን ርእስ አይደለም፤ ትውውቁ ከጠና በኋላ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይነገራል።

7. መልሱ ሲመጣ ደረጃውን ከእርሳቸው ይውሰዱ

መልሱ ከደረሰ በኋላ መታየት ያለባቸው ሁለት መስመሮች ናቸው፦ እርስዎን የጠሩበትና የፈረሙበት። `Dear Ms Tesfaye` ብለው በሙሉ ስማቸው ከፈረሙ ምንም አይለወጥም። `Dear Hiwot` ብለው በማዕረግና በቤተሰብ ስም ከፈረሙ ወደ እርስዎ ቀረቡ እንጂ እርስዎ እንዲቀርቡ አልጋበዙም፤ አሁንም ፕሮፌሰር ብለው ይቀጥሉ። `Dear Hiwot` ብለው `Katrin` ብቻ ብለው ከፈረሙ ግን ያ ግብዣ ነው፤ በቀጣዩ `Dear Katrin` ማለት ይቻላል። የሚከብድዎት ከሆነ አንድ ጊዜ ደግሞ `Dear Professor Müller-Weber` ቢሉ ማንም አይቀየምም፤ በድጋሚ በራሳቸው ስም ከፈረሙ ግን ግብዣውን መግፋት ርቀት መፍጠር ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። በእንግሊዝኛ በራስ ስም መጠራራት ወደ ጀርመንኛ አይሸጋገርም። አንድ ቡድን በእንግሊዝኛ ስብሰባ ላይ ሁሉም በራሱ ስም ሲጠራራ ቆይቶ፣ በጀርመንኛ ሲነጋገር ወደ «ዚ» እና ወደ ቤተሰብ ስም ሊመለስ ይችላል። «ዱ» እንባባል የሚለውን ግብዣ የሚያቀርበው በዕድሜ ወይም በሥልጣን የሚበልጠው ሰው ነው፤ ስለዚህ ሕይወት ከሁለት ዓመት በኋላ ጀርመንኛዋ ቢጠና እንኳ ግብዣው እስኪመጣላት ድረስ «ዚ» ማለት ይጠበቅባታል።

ሁሉም አገር በዚህ መጠን ጥብቅ አይደለም። በስዊድን ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ፕሮፌሰርንም ጭምር በራስ ስምና በቅርበት ተውላጠ ስም መጥራት የተለመደ ሆኗል፤ ከውጭ ለሚጽፍ አመልካች ግን እዚያም ቢሆን የመጀመሪያውን ኢሜይል በማዕረግ ከፍቶ ከመልሱ መማር የተሻለ ነው፤ መልሱ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን በራስ ስም ተፈርሞ ይመጣል።

ሰላምታው ላይ ስሕተት መኖሩን ከላኩ በኋላ ካወቁ፣ የሌላ ፕሮፌሰር ስም ተጽፎ ከሆነ ወዲያውኑ በሁለት መስመር ይቅርታ ጠይቀው ያርሙት። ማዕረግ ወይም ጾታ ከሆነ ለብቻው ኢሜይል አይላኩ፤ በሚቀጥለው ኢሜይል አርመው አጭር ይቅርታ ያክሉበት። መልስ ካልመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቀው፣ ወቅቱ ትምህርት የሚሰጥበት ጊዜ መሆኑንም አይተው፣ በዚያው ኢሜይል ላይ በ`Reply` አስታዋሽ ይላኩ፤ ሰላምታው ከመጀመሪያው ጋር ፊደል በፊደል አንድ ይሁን፣ `Hi` ወይም ስም የሌለው ሰላምታ አይግባበት።